ለጡብ ግድግዳ የሚያስፈልገውን ሞርታር ማስላት፦ የመገጣጠሚያ ውፍረት ሲሚንቶና አሸዋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ድሬዳዋ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ለጡብ ግድግዳ ሲሚንቶ ሊገዛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ግንበኛውን «ስንት ከረጢት ይበቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግንበኛውም ቦታውን ቃኝቶ አንድ ቁጥር ይነግረዋል። ቁጥሩ ከልምድ የመጣ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በውስጡ ያልተነገረ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱም ግንበኛው በጡብና በጡብ መካከል የሚተወው የሞርታር ውፍረት ነው። ይህ ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚሄደው ሞርታር በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ የሚታወቀው ሲሚንቶው በግድግዳው አጋማሽ ላይ ሲያልቅ ነው።

ከዚህ በታች ስሌቱን ደረጃ በደረጃ የምናየው 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው፣ ማለትም ጡቡ በርዝመቱ ለሚደረደርበት የክፍል መለያያ ግድግዳ ነው።

መጀመሪያ ጡቡን መለካት

በአገራችን የተለመደው ድፍን ጡብ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ወርድና 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ነገር ግን ጡብ በእሳት የሚጠነክር ሸክላ ስለሆነ ሁሉም እኩል አይወጣም፤ ስለዚህ ከሚገዛው ክምር ውስጥ ከተለያየ ቦታ 10 ጡቦች አውጥተው አንዱን በአንዱ ላይ ያለ ሞርታር ይደርድሩና ጠቅላላ ቁመታቸውን ይለኩ። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አማካዩ 6 ነው። ከዚያ በኋላ ከአሥሩ ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ለይተው ጎን ለጎን ያቁሟቸው። በመካከላቸው ያለው የቁመት ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ 10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ እጠብቃለሁ ማለት ከንቱ ነው፤ ግንበኛው መደዳውን በሲባጎ ልክ ለማስተካከል ሲል ለአጭሩ ጡብ ተጨማሪ ሞርታር ማልበሱ አይቀርም። እንዲህ ባለ ጡብ የሚሠራ ሰው ስሌቱን በ12 ሚሊ ሜትር ቢጀምር ይሻለዋል።

በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ያለው ሞርታር

የስሌቱ መሠረት ቀላል ነው፤ ከግድግዳው ጠቅላላ ይዘት ላይ የጡቦቹ ይዘት ሲቀነስ የሚተርፈው ሞርታር ነው። ለዚህም አንድ ጡብ ከነመገጣጠሚያው የሚይዘውን የግድግዳ ፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

የጡብ ብዛት በካሬ ሜትር = 1 ÷ [(ርዝመት + መገጣጠሚያ) × (ቁመት + መገጣጠሚያ)]

መገጣጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን እያንዳንዱ ጡብ 26 በ7 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል። ይህን በሜትር አድርገን 0.26 በ0.07 ስናባዛ 0.0182 ካሬ ሜትር እናገኛለን፤ 1 ለዚህ ሲካፈል ወደ 55 ጡብ ይመጣል። የአንዱ ጡብ ይዘት 25 × 12 × 6፣ ማለትም 1,800 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወይም 1.8 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ጡቦቹ በጠቅላላ 98.9 ሊትር ይይዛሉ። 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ይዘት 120 ሊትር በመሆኑ ለሞርታር የሚቀረው 21.1 ሊትር ነው።

በዚሁ መንገድ መገጣጠሚያውን 15 ሚሊ ሜትር አድርገን ብናሰላ የጡቡ ብዛት ወደ 50.3 ይወርዳል፤ ሞርታሩ ግን 29.4 ሊትር ይሆናል። በ20 ሚሊ ሜትር ደግሞ 46.3 ጡብና 36.7 ሊትር ሞርታር ይወጣል። በግምት ለማስታወስ የሚፈልግ ሰው፣ መገጣጠሚያው በአንድ ሚሊ ሜትር በወፈረ ቁጥር በአንድ ካሬ ሜትር 1.7 ሊትር ገደማ ሞርታር ይጨመራል ብሎ ቢይዝ ብዙ አይሳሳትም።

ከዚህ ሞርታር አብዛኛው የሚሄደው በመደዳና በመደዳ መካከል ወዳለው የአግድም መገጣጠሚያ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በ10 ሚሊ ሜትር ከሚገባው 21.1 ሊትር ውስጥ 17 ሊትር ያህሉ በአግድም የተነጠፈ ሲሆን በጡቦቹ ጫፍ በኩል በቁም የሚገባው 4 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ አሠሪው ዓይኑን መጣል ያለበት በአግድሙ ላይ ነው። የቁሙ መገጣጠሚያ እዚህም እዚያም ቢሰፋ ሲሚንቶውን የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም በቁሙ ላይ የሚታየው ጥፋት ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግንበኛው የጡቡን ጫፍ ከፊት በኩል ብቻ ቀብቶ ውስጡን ባዶ ይተወዋል።

ከተቦካ ሞርታር ወደ ሲሚንቶና አሸዋ

እስካሁን ያሰላነው በግድግዳው ውስጥ ተጨምቆ የተቀመጠውን ሞርታር ነው። ወደ ግዢ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገር መጨመር አለብን። አንደኛው ብክነት ነው፤ ከማንኪያ የሚወድቀው፣ መሬት ላይ የሚቀረው፣ ሳይሠራበት የሚደርቀው ሁሉ ተደምሮ በጥሩ ሥራ 15 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው የመጠን መቀነስ ነው፤ ሲሚንቶውና ውሃው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ስለሚሞሉ አንድ ሊትር የተቦካ ሞርታር ለማግኘት 1.3 ሊትር ያህል ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ ያስፈልጋል።

ለእንዲህ ያለ ቀጭን ግድግዳ ተስማሚ የሆነውን አንድ ለአራት፣ ማለትም አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ የሆነውን ቅልቅል እንውሰድ። 1.3 ኪዩቢክ ሜትር ደረቅ ቅልቅል ለአምስት ሲካፈል ሲሚንቶው 0.26 ኪዩቢክ ሜትር፣ አሸዋው 1.04 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ሲሚንቶ 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንድ ኪዩቢክ ሜትር ሞርታር 364 ኪሎ ሲሚንቶ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህን ከላይ ካገኘነው የሞርታር መጠን ጋር ከነብክነቱ ስናገናኘው ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚከተለው ይወጣል።

| መገጣጠሚያ | ጡብ | ሲሚንቶ | አሸዋ |
|---|---|---|---|
| 10 ሚሊ ሜትር | 55 | 8.8 ኪሎ | 25 ሊትር |
| 15 ሚሊ ሜትር | 50.3 | 12.3 ኪሎ | 35 ሊትር |
| 20 ሚሊ ሜትር | 46.3 | 15.4 ኪሎ | 44 ሊትር |

መገጣጠሚያው ሲወፍር ሲሚንቶ እንዳይበዛ በሚል ቅልቅሉን አሳስቶ አንድ ለስድስት ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። በአንድ ለስድስት አንድ ኪዩቢክ ሜትር ሞርታር 260 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ 15 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ያለው ግድግዳ በዚህ ቅልቅል ሲሠራ በካሬ ሜትር 8.8 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል። ይህ በ10 ሚሊ ሜትርና በአንድ ለአራት ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። አሠሪው በዚያው ሲሚንቶ ደካማ ሞርታር ያለው፣ መገጣጠሚያው የወፈረ ግድግዳ አገኘ ማለት ነው፤ የአሸዋው ጭማሪ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ነው።

አንድ ቤት በምሳሌ

ሳቢያን አካባቢ በሚሠራ ቤት ውስጥ በድምሩ 12 ሜትር ርዝመትና 2.8 ሜትር ከፍታ ያላቸው የመለያያ ግድግዳዎች አሉ እንበል። ጠቅላላ ስፋታቸው 33.6 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ 0.9 በ2.1 ሜትር የሆኑ ሁለት በሮች 3.78 ካሬ ሜትር፣ 1.2 በ1.1 ሜትር የሆነ አንድ መስኮት ደግሞ 1.32 ካሬ ሜትር ይቀንሳሉ፤ የሚገነባው 28.5 ካሬ ሜትር ይሆናል።

በ10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ 1,566 ጡብ ያስፈልጋል፤ ለተሰባበረውና ለሚቆረጠው 5 በመቶ ሲጨመር 1,645 ገደማ ይደርሳል። ሞርታሩ 601 ሊትር ነው፤ ከነብክነቱ 692 ሊትር። ሲሚንቶው 252 ኪሎ፣ ማለትም አምስት የ50 ኪሎ ከረጢትና ጥቂት ማንኪያ፣ አሸዋው ደግሞ 0.72 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። በ15 ሚሊ ሜትር ግን ሲሚንቶው 351 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ከረጢት፣ አሸዋውም አንድ ኪዩቢክ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ግንበኛ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ መገጣጠሚያው ሲወፍር ጡቡም በ130 ገደማ ይቀንሳልና እሱስ ለምን አይቆጠርም? እውነት ነው፣ መቆጠር አለበት። በካሬ ሜትር ሲሰላ አንዱ ወገን 4.6 ጡብ፣ ሌላው ወገን 3.5 ኪሎ ሲሚንቶና 10 ሊትር አሸዋ ነው፤ በዕለቱ ዋጋ ሁለቱን አስልቶ ማወዳደር ይቻላል። ጡብ ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣ የወፍራሙ መገጣጠሚያ ሒሳብ በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። እኔ በበኩሌ በዚህ ምክንያት 15 ሚሊ ሜትር እንዲሠራ አልመክርም። ሞርታር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ወፍራሙ ከቀጭኑ ይበልጥ ይኮማተርና በጡቡ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጭነት ሲያርፍበትም አስቀድሞ የሚሸነፈው የግድግዳው ለስላሳ ክፍል እሱ ነው። የከፍታው ነገርም አለ። 2.8 ሜትር በ7 ሴንቲ ሜትር መደዳ በትክክል 40 መደዳ ይሆናል፤ የበሩም 2.1 ሜትር 30 መደዳ ይወጣዋል። በ7.5 ሴንቲ ሜትር መደዳ ግን ግድግዳው 37 መደዳ ሆኖ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ያም ክፍተት ጡብ በማይገባበት ቦታ በሞርታር ይደፈናል።

ድሬዳዋ ላይ መገጣጠሚያ የሚወፍርበት ምክንያት

ጎበዝ ግንበኛም ቢሆን በዚህ ከተማ ሙቀት 10 ሚሊ ሜትር ለመጠበቅ ይቸገራል፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጁ ሳይሆን ጡቡ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ግንበኛው ሞርታሩን ከሚፈለገው ውፍረት ከፍ አድርጎ፣ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ያነጥፈዋል፤ ጡቡን ያስቀምጥና እየገፋ በማንኪያው እጀታ ይመታዋል፤ ጡቡ እስከ ሲባጎው ሲወርድ ትርፉ በጎን ይወጣል፤ ያንን በማንኪያው ቆርጦ ለሚቀጥለው ጡብ ይጠቀምበታል። ጡቡ በፀሐይ የጋለና የደረቀ ከሆነ ግን ሞርታሩ ላይ እንዳረፈ ውሃውን ይመጠዋል። ሞርታሩ ወዲያው ይጨብጣል፤ ጡቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመታም አይወርድም። ግንበኛው ሲባጎውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቀጥላል፤ ትርፍ መሆን የነበረበት ሞርታር በግድግዳው ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ጡብ ማራስ የጥራት ብቻ ሳይሆን የፍጆታም ጉዳይ ነው። ጡቡን ከመገንባቱ በፊት በበርሜል ውሃ ውስጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይንከሩት፤ ከዚያም አውጥተው ላዩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ እስኪጠፋ በጥላ ያቆዩት። ውሃ እያንጠባጠበ ከተገነባ በሞርታሩ ላይ ይንሳፈፋልና ያም ጥሩ አይደለም። የሚገነባውን ግድግዳ በተቻለ መጠን በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ መሥራት፣ ሞርታሩንም በሙሉ ከረጢት ሳይሆን በግማሽ ከረጢት ማቡካት ይበጃል። ከተቦካ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የቆየ ሞርታር በሙቀት ይጠነክራል፤ ውሃ ጨምሮ እንደገና ማለስለስ ለማንኪያው ይመቻል እንጂ የሞርታሩን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አሸዋው ነው። እንደ ደቻቱ ካለ ደረቅ ወንዝ የሚዛቅ አሸዋ ጎርፍ ያመጣውን ሁሉ ይይዛል፤ ጠጠሩም ጭቃውም አብሮት ነው። በ10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ጠጠር ከገባ ጡቡ በጠጠሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ጠጠር ከተደራረበ ደግሞ መገጣጠሚያው 15 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። አሸዋውን 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት መንፋት ግዴታ ነው፤ ይህም በግዢው መጠን ላይ መታሰብ አለበት። አንድ ሳጥን አሸዋ ነፍተው የቀረውን ጠጠር ይለኩ። ከ36 ሊትር ውስጥ 4 ሊትር በወንፊቱ ላይ ከቀረ ለምሳሌው ቤት 0.72 ሳይሆን 0.81 ኪዩቢክ ሜትር መግዛት ይኖርብዎታል። ጭቃውን ለማወቅ ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ ከጥቂት ጨው ጋር በጥብጠው ለሰዓታት ያስቀምጡት፤ ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ዝናብ የመታው አሸዋ ሌላ ጣጣ አለው። እርጥብ አሸዋ ስለሚያብጥ እስከ ሩብ ያህል ሰፍቶ ሳጥኑን ይሞላል፤ አራት ሳጥን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ያለው ትክክለኛ አሸዋ ከሦስት ሳጥን ትንሽ ቢበልጥ ነው። አሸዋው በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ ከሆነ በአራቱ ፋንታ አምስት ሳጥን ይደረግ፤ ካልሆነ ሲሚንቶው ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል።

በሥራው ላይ መቆጣጠር

በመጀመሪያ ቀጥ ያለ እንጨት ወስደው በየ7 ሴንቲ ሜትሩ በመጋዝ ምልክት ያድርጉበት፤ ግንበኛው በየማዕዘኑ ሲባጎውን በዚህ ምልክት ልክ ይሰር። «ዓይኔ ሜትር ነው» የሚል ግንበኛ አይጠፋም፤ እንጨቱ ግን አይደክምም፣ ከሰዓት በኋላም አይቸኩልም። ከዚያ ግድግዳው አሥራ አንድ መደዳ ሲደርስ ከአንደኛው ጡብ የላይ ጠርዝ እስከ አሥራ አንደኛው ጡብ የላይ ጠርዝ ይለኩ። 70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መገጣጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ 75 ከሆነ 15 ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ሜትር አስጠግቶ ከመከራከር ይህ አንድ ልኬት ይሻላል፤ በቦታው ያለውን ሁሉ በአማካይ ይናገራልና።

ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ከረጢቱ ራሱ ነው። አሸዋው የሚሰፈርበት ሳጥን በውስጡ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተሠራ 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአራት ልክ ሳጥን አሸዋ ጋር ተቦክቶ ብክነቱ ተቀንሶ 119 ሊትር ያህል በግድግዳው ውስጥ ይገባል። መገጣጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ 5.6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በ15 ሚሊ ሜትር 4 ካሬ ሜትር፣ በ20 ሚሊ ሜትር 3.2 ካሬ ሜትር ብቻ። የመጀመሪያው ከረጢት ሲያልቅ የተገነባውን ይለኩ። 4 ካሬ ሜትር ላይ ከቆመና አሥሩ መደዳም 75 ካሳየ ጉዳዩ የመገጣጠሚያው ነው። ከረጢቱ 4 ካሬ ሜትር ላይ አልቆ አሥሩ መደዳ ግን 70 ከሆነ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ከግድግዳው ሥር የተከመረ ሞርታር ይኖራል፣ ወይም ሳጥኑ ሳይሞላ እየተሰፈረ ነው፣ ወይም ጡቡ ቀዳዳ ያለው ነው። ቀዳዳ ያለው ጡብ በየመደዳው ሞርታር ወደ ውስጡ ስለሚያስገባ ከላይ ያለው ሠንጠረዥ ለእሱ ያንሳል።

ግድግዳው 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ስሌቱ በቀጥታ በሁለት አይባዛም፤ በሁለቱ የጡብ ረድፎች መካከል ተጨማሪ የቁም መገጣጠሚያ ይፈጠራልና። በ10 ሚሊ ሜትር 110 ጡብ 198 ሊትር ይይዛል፤ ከ250 ሊትር ላይ ሲቀነስ ሞርታሩ 52 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ለአራት ከነብክነቱ ወደ 22 ኪሎ ሲሚንቶና 62 ሊትር አሸዋ ነው። ለብሎኬት ግን ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አይሠራም፤ ብሎኬት ሆዱ ክፍት ስለሆነ ሞርታሩ የሚነጠፈው በጠርዞቹ ላይ ብቻ ነው፤ የጠርዞቹን ስፋት ለይቶ መለካት ያስፈልጋል።